የወተት ጣሳ ፎቶ ሲላክላችሁ እንዴት ይነበባል፦ ስሙ፣ ስቴጁ፣ ኤክስፓየሩ እና አበጣበጡ

ፋርማሲ ስለምሰራ ቴሌግራሜ ግማሹ የወተት ጣሳ ፎቶ ነው። ዘመድ ይልካል፣ ጎረቤት ይልካል፣ የማላውቀው ሰው ራሱ "እገሊት ናት ስልክሽን የሰጠችኝ" ብሎ ይልካል፣ ከስሩ ደግሞ ሁሌ ያችው ጥያቄ ናት፦ ይሄ ለልጁ ይሆናል? ችግሩ የሚልኩት የፊቱን ብቻ ነው፣ ስሙ በትልቁ የተጻፈበትን፣ የሚያብለጨልጨውን። ከጣሳው ሁሉ ደግሞ ትንሽ ነገር የሚናገረው እሱ ጎን ነው።

ባለፈው ህዳር የአጎቴ ልጅ ሚስት እንደዚሁ ላከችልኝ። ልጁ ሶስት ወር ከሶስት ሳምንቱ ነው፣ እሷ ስራ ልትመለስ ነው፣ ሀኪሟ በጡት ላይ ትንሽ ጨምሪለት ብሏታል። (ስድስት ወር እስኪሞላው ጡት ብቻ የሚለው ምክር እንዳለ ነው፣ መጨመር አለመጨመሩን ከሀኪም ጋር ጨርሱ፣ እኔ የማወራው ጣሳው እጃችሁ ከገባ በኋላ ስላለው ነው።) ጣሳውን ከዱባይ የመጣ ሰው በሻንጣ አምጥቶላቸዋል። ፎቶው ላይ የሚታየው የብራንዱ ስም፣ ወርቃማ ቀለም፣ ብዙ አረብኛ እና አንድ ትልቅ 2 ቁጥር። "እትዬ ይሄ ለልጁ ይሆናል? ኤክስፓየሩ 2026 ነው ይላል ገና ስምንት አመት አለው" ብላ ጽፋልኛለች። እዚህች አንዲት መልእክት ውስጥ ሁለት ስህተት አለ፣ ሶስተኛውን ደግሞ ቆይተን አገኘነው። እሱን እየተከተልኩ አሳያችኋለሁ።

መጀመሪያ ፎቶው ራሱ

አንድ ፎቶ አይበቃም፣ አራት ነው የምጠይቀው፦ ፊቱ፣ ሰንጠረዡ ያለበት ጀርባው፣ ስሩ ማለት ቂጡ፣ እና ክዳኑ ተከፍቶ ማንኪያው ጎኑ ተቀምጦ። ጣሳው ክብ ስለሆነ ጀርባውን በአንድ ፎቶ እወስዳለሁ ካላችሁ የዳር የዳሩ ጽሁፍ ይታጠፍና ቁጥሩ ይጠፋል፣ ስለዚህ ትንሽ ትንሽ እያዞራችሁ ሁለት ሶስት ጊዜ አንሱት። ፍላሽ አጥፉ፣ ፍላሹ ቆርቆሮው ላይ ነጭ ሆኖ የሚያርፈው ሁሌም የምንፈልገው ቁጥር ላይ ነው። መስኮት አጠገብ ሂዱ።

አስቸጋሪው ስሩ ነው። ቀኑ የሚታተመው በትንንሽ ነጠብጣብ ነው፣ ቆርቆሮው ደግሞ ያብለጨልጫል፣ ስለዚህ ከላይ ቀጥ ብላችሁ ስታነሱት 3 እና 8፣ 5 እና 6 አንድ ይሆናሉ። መላው ቀላል ነው፣ ሌላ ስልክ ላይ ቶርች አብሩና ከጎን አጋድማችሁ አብሩበት፣ ያኔ ነጠብጣቡ ጎልቶ ይወጣል። ስትልኩ ደግሞ ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፣ እኔ ጋ ደርሶ ዙም ሳደርገው ጭጋግ ነው የሚሆነው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ፎቶው የራሳችሁ ጣሳ ፎቶ ይሁን። አንዳንዱ ሱቁ የላከለትን ወይ ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ፎቶ ፎርዋርድ ያደርግልኛል። እሱ የፊቱን ያሳያል እንጂ እናንተ ቤት ያለው ጣሳ ስር ምን እንደተጻፈ እኔ ከየት አውቃለሁ።

ስሙን ማንበብ

ጣሳ ላይ ስም የሚመስል ነገር ሶስት ቦታ አለ፣ ሰው የሚቀላቅላቸውም እነሱን ነው። አንዱ የፋብሪካው ስም ነው፣ ብዙ ጊዜ ጥግ ላይ በትንሹ። ሁለተኛው ብራንዱ ነው፣ መሀል ላይ በትልቁ። ሶስተኛው ከብራንዱ ስር በቀጭኑ የምትጻፈው መስመር ናት፣ ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ የምትናገረው እሷ ናት፣ ማንም ግን አያነባትም።

ለምን ይሄ አስፈለገ? ኔስሌን ውሰዱ። ናን የእነሱ ነው፣ ኒዶም የእነሱ ነው፣ ሴሬላክም የእነሱ ነው። "የኔስሌ ወተት ነው" ብሎ የሚልክልኝ ሰው ከሶስቱ የቱን እንደያዘ አልነገረኝም። ናን የህጻን ፎርሙላ ነው፣ ሴሬላክ ወተት ሳይሆን ገንፎ ነገር ነው ምግብ ለጀመረ ልጅ፣ ኒዶ ደግሞ የዱቄት ወተት ነው፣ የልጆች ተብሎ የሚሸጠው ራሱ ከአንድ አመት በላይ ላለው ነው። አንከርም እንደዛው፣ ለቤተሰብ ሻይ የሚሆን ወተት ነው እንጂ ለሶስት ወር ልጅ ጡጦ የሚገባ አይደለም። ይሄን የምለው ዝም ብዬ አይደለም፣ "ወተት ወተት ነው" ብለው ተራ የዱቄት ወተት ሲያጠጡ የነበሩ ሰዎች ፋርማሲ መጥተው አውርተውኛል። ተራው የላም ወተት ፕሮቲኑና ጨው ነገሩ ለህጻን ኩላሊት ይበዛል፣ አይረኑ ደግሞ በጣም ያንሳል።

ስለዚህ ብራንዱን ካያችሁ በኋላ ጣታችሁን አንድ መስመር ወደ ታች አውርዱ። ኢንፋንት ፎርሙላ የሚል ከሆነ ከልደት ጀምሮ የሚሰጠው ነው፣ ፎሎው አፕ ወይ ፎሎው ኦን የሚል ከስድስት ወር በኋላ፣ ግሮዊንግ አፕ ወይ ቶድለር የሚል ከአመት በኋላ። ሶስቱም ጣሳዎች ደግሞ አንድ አይነት ቀለም፣ አንድ አይነት አርማ ነው ያላቸው፣ ከሩቅ ሲታዩ መንትያ ናቸው። እኛ ራሳችን መደርደሪያ ላይ ስንደረድር እንሳሳታለን።

ከብራንዱ ጎን ትንንሽ ፊደሎች ካሉ እነሱንም አትዝለሉ። ኤአር ብዙ ለሚያስመልሰው ነው፣ ወፈር ይላል፣ ኤልኤፍ ላክቶስ የሌለው ነው፣ ኤችኤ ለአለርጂ ተብሎ ፕሮቲኑ የተሰባበረ ነው። እነዚህን ሀኪም ሲያዝ ነው እንጂ ሱቅ ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ አይደለም የሚገዙት።

ስቴጁ፦ ቁጥሩን ተዉት፣ እድሜውን አንብቡ

ጣሳው ላይ ያለው ትልቅ ቁጥር ስቴጁ ነው፣ ግን ቁጥሩ ከአገር አገር አንድ አይደለም። ከገልፍ የሚመጣው ላይ በአብዛኛው 1 ማለት ከልደት እስከ ስድስት ወር፣ 2 ከስድስት ወር እስከ አመት፣ 3 ከአመት በላይ ነው። እንግሊዝ አገር ግን 1 ቁጥሩ ከልደት እስከ አመት ድረስ ይሄዳል፣ የጤና አገልግሎታቸውም 2 ቁጥር መቀየር ግዴታ አይደለም ነው የሚለው፣ ልጁ ስድስት ወር ሲሞላው ምግብ እየጀመረ ያችኑ 1 ቁጥሯን እየጠጣ አመቱን መጨረስ ይችላል። አሜሪካ ደግሞ በአብዛኛው ቁጥር የለም፣ ከዜሮ እስከ 12 ወር ብሎ ይጽፋል አበቃ። ከዋሽንግተን ጣሳ የላከች እህት "ስቴጁ ጠፍቶብኝ ነው" ካለች አልጠፋባትም፣ የለም።

ጀርመን ጭራሽ ግራ ያጋባል። እዛ ፕሪ የሚባለው ከልደት ጀምሮ የሚሰጠው ተራው ፎርሙላ ነው፣ 1 ቁጥሩም ከልደት ጀምሮ ይሆናል። ሌላ ቦታ ግን፣ ለምሳሌ ናን ላይ፣ ፕሪ የሚለው ቃል ያለጊዜው ለተወለደ ወይ ክብደቱ ላነሰ ልጅ የተዘጋጀ ማለት ነው። አንድ ቃል ነው፣ ሁለት የተለያየ ወተት። ስለዚህ ከፍራንክፈርት የመጣ ጣሳ ላይ ያያችሁትን ፕሪ ይዛችሁ እዚህ ፋርማሲ መጥታችሁ "ፕሪ ስጡኝ" ካላችሁ ሌላ ነገር ይዛችሁ ልትወጡ ትችላላችሁ።

የሚያዋጣው እድሜውን የሚናገረውን አረፍተ ነገር መፈለግ ነው፣ ከቁጥሩ ስር ወይ ጎኑ ላይ በትንሹ አለ። አረብኛ ብቻ ከሆነ ደግሞ ቁጥሮቹን መልመድ ይቻላል፣ ከባድ አይደለም፦ ዜሮአቸው ነጥብ ናት፣ ዐይኑ ዐን የመሰለችው ክብ አምስት ናት እንጂ ዜሮ አይደለችም፣ የእኛን 7 የሚመስለው ስድስት ነው፣ ለ ፊደልን የሚመስለው ስምንት፣ እሱ ሲገለበጥ ሰባት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስድስቱን ሰባት ብሎ ሲያነብ እና አምስቱን ዜሮ ሲያደርግ ነው፣ ኤክስፓየሩም ላይ ያው ስህተት ይመጣል።

የእኛ ጣሳ ጎኑ ሲመጣ ከ6 እስከ 12 ወር ይላል። ልጁ አራት ወር እንኳ አልሞላውም። "ሁለት ወር ቢቀረው ምን ችግር አለው፣ ወፍራም ልጅ ነው" አለችኝ። ውፍረቱ አይደለም ነገሩ። 2 ቁጥሩ የተሰራው ልጁ ገንፎ ምናምን ጀምሯል ተብሎ ታስቦ ነው፣ አይረኑ ከፍ ይላል፣ ከሌላ ምግብ ጋር ነው የሚሟላው፣ ለብቻው ለትንሽ ልጅ አልተለካም። አስቀምጪው አልኳት፣ ሳይከፈት ይቀመጥ። ግን እስከ መቼ መቀመጥ ይችላል? ወደ ስሩ እንሂድ።

ኤክስፓየሩ

2026ን አይታ ስምንት አመት አለው ያለችው የእኛን 2018 ይዛ ነው። ከውጭ የመጣ ጣሳ ላይ ያለው ቀን ሁሉ በፈረንጅ ነው። ይሄን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ስትጠይቋቸው ያውቁታል፣ ግን ሌሊት ስምንት ሰአት ልጅ እያለቀሰ ጣሳ ስታይ ጭንቅላትሽ በራስሽ አቆጣጠር ነው የሚያስበው። እዚህ የተመረተ ነገር ላይ ደግሞ በየትኛው እንደጻፉት መፈለግ አለባችሁ፣ እ.ኤ.አ ወይ ዓ.ም የሚል አጠገቡ ካለ ፎቶው ውስጥ ይግባ።

ሁለተኛዋ ወጥመድ ወሩ ነው። ስሩ ላይ EXP 03 2026 ይላል። እሷ በኋላ ስትነግረኝ 03ን ህዳር ብላ ነበር የቆጠረችው፣ ሶስተኛ ወር አይደል፣ አዎ የእኛ ሶስተኛ ወር ህዳር ነው፣ የእነሱ ግን ማርች ነው ማለት መጋቢት አካባቢ። ቀን ሳይጻፍ ወርና አመት ብቻ ከሆነ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው የሚቆጠረው፣ ስለዚህ ማርች 31፣ በእኛ መጋቢት 22 ቀን 2018። ከህዳር ሲቆጠር አራት ወር ቀረው። ልጁ ስድስት ወር የሚሞላው ጥር መጨረሻ ነው፣ ስለዚህ 2 ቁጥሯ ጣሳ ጥር መጨረሻ ላይ ብትከፈት ትደርሳለች። ስምንት አመት ግን የለም።

ሶስቱም ቁጥር ሲኖር፣ ለምሳሌ 04/05/26፣ አውሮፓና ገልፍ ቀኑን ያስቀድማል፣ አሜሪካ ወሩን ያስቀድማል። ከየት እንደመጣ ካላወቃችሁ የተመረተበትን ቀን አብራችሁ እዩ፣ MFG ከሚለው ጎን ነው ያለው፣ እሱ ላይ 12ን ያለፈ ቁጥር ካለ ወር ሊሆን ስለማይችል ቀኑ የቱ ጋ እንደሚጻፍ ያሳብቃል፣ ኤክስፓየሩም በዛው ቅደም ተከተል ነው። ወሩ በፊደል ከሆነ ደግሞ ሶስተኛዋን ፊደል ዙም አድርጉ፣ MAR እና MAY፣ JUN እና JUL በአንድ ፊደል ነው የሚለያዩት፣ ነጠብጣቡ ከደበዘዘ አንዱ ሌላውን ይመስላል። EXP የሚል ሳይኖር አንድ ቀን ብቻ ከታየ ዝም ብላችሁ ኤክስፓየር ነው አትበሉ፣ የተመረተበት ሊሆን ይችላል፣ ጣሳውን አዙራችሁ ሌላኛውን ፈልጉ። በስቲከር የተለጠፈ ቀን ካያችሁ ደግሞ ስቲከሩን በጥፍር ነካ አድርጉት፣ ከስሩ ሌላ ቀን ካለ ያ ጣሳ እኔ ቤት አይገባም።

"ቢያልፍ ምን ይሆናል፣ ዱቄት አይደል፣ አይበላሽ" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። በአብዛኛው አይሸትም አይሻግትም እውነት ነው፣ እሱ ነው የሚያታልለው። ቀኑ የሚናገረው ጀርባው ላይ የተዘረዘረው ቫይታሚን እና ንጥረ ነገር እስከዛ ቀን ድረስ ከተጻፈው በታች እንደማይወርድ ነው። ቫይታሚን ሲ የመሳሰለው ከጊዜ ጋር እየቀነሰ ይሄዳል፣ ቅባቱም እየከረፋ ይሄዳል፣ ዱቄቱም በደንብ ላይሟሟ እና የጡጦውን ጫፍ ሊደፍን ይችላል። ትልቅ ሰው ቫይታሚን የጎደለው ብስኩት ቢበላ እራት ላይ ሌላ ነገር ይበላል፣ ህጻኑ ግን ከጡጦው ሌላ እራት የለውም። አሜሪካ የፌደራል ህጉ ቀን ይጻፍ ብሎ የሚያስገድደው የምግብ አይነት የህጻን ፎርሙላ ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ ለአምራቹና ለየስቴቱ የተተወ ነው።

ደግሞ ስሩ ላይ ያለው ቀን ላልተከፈተ ጣሳ ነው። ከተከፈተ በኋላ ሌላ ሰአት ይጀምራል፣ አብዛኛው ጣሳ አንድ ወር ይላል፣ አንዳንዱ ሶስት ሳምንት ነው የሚለው፣ የእናንተን ጎኑ ላይ አንብቡ። ፍሪጅ ውስጥ አይደለም የሚቀመጠው፣ እርጥበት ይገባዋል፣ ደረቅ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ነው።

ከቀኑ አጠገብ ያለችውን የባች ቁጥር፣ LOT የሚለውን፣ ፎቶው ውስጥ አስገቡ። በፌብሩዋሪ 2022 አቦት የሚባለው ፋብሪካ ሚሺጋን ከሚገኝ ማምረቻው የወጡ ሲሚላክ እና ሌሎች የዱቄት ፎርሙላዎቹን መልሶ ሲሰበስብ ሰው ጣሳውን የለየው በዚህ ቁጥር ነበር፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ከ22 እስከ 37 ከሆኑ፣ ውስጡ K8 ወይም SH ወይም Z2 ካለ፣ ኤክስፓየሩም ኤፕሪል 1 ቀን 2022 ወይም ከዛ በኋላ ከሆነ። ብራንዱን ብቻ የሚያውቅ ሰው ጣሳው ከሚሰበሰቡት ውስጥ መሆን አለመሆኑን ማወቅ አይችልም ነበር።

አበጣበጡ፣ ሶስተኛው ስህተት

2 ቁጥሯን ካስቀመጥናት በኋላ ለልጁ የሚሆነውን ፍለጋ ተጀመረ። መጀመሪያ ከጎረቤት አንድ ከገልፍ የመጣ 1 ቁጥር አገኙ፣ ለአስር ቀን የሚሆን ቀርቶት ነበር፣ ከዛ ሜሪላንድ ያለች አክስቱ የላከችው የአሜሪካ ጣሳ ደረሰ። ኤክስፓየሩ ጥሩ፣ እድሜው ከዜሮ እስከ 12 ወር፣ ሁሉ ነገር ጥሩ። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ደወለች፣ ልጁ ሆዱ ደርቋል፣ ይነጫነጫል፣ ሽንቱም ቀንሷል፣ ዳይፐሩ ቀኑን ሙሉ ቀለል ይላል። "ስንት ማንኪያ ነው የምታደርጊው?" ስላት "እንደ በፊቱ ነዋ፣ ለ120 አራት።"

ማንኪያውን ጎን ለጎን አድርገሽ አንሺልኝ አልኳት፣ አሮጌው ጣሳ ውስጥ የነበረውን እና አዲሱን። ፎቶው መጣ፣ ቃል አያስፈልገውም፣ አንዱ የሌላው እጥፍ ነው። የገልፉ ጣሳ ጀርባ አንድ ማንኪያ ለ30 ሚሊ ይላል፣ ማንኪያው የሚይዘው ወደ 4.5 ግራም ነው። የአሜሪካው ጀርባ አንድ ማንኪያ ለ 2 FL OZ ይላል፣ ያ ማለት ወደ 60 ሚሊ ነው፣ ማንኪያው ወደ 8.7 ግራም ይይዛል። ስለዚህ ለ120 ሚሊ ውሃ በገልፉ አራት ማንኪያ ነው፣ በአሜሪካው ሁለት። እሷ በአሜሪካው ማንኪያ አራት ስታደርግ የ240 ሚሊ ዱቄት በ120 ሚሊ ውሃ እያጠጣችው ነበር። እጥፍ ወፍራም ወተት ማለት ጨውና ፕሮቲኑም እጥፍ ነው፣ ኩላሊቱ እሱን ለማስወጣት ከሰውነቱ ውሃ ይወስዳል፣ ሽንቱ የቀነሰው ሆዱም የደረቀው ለዚህ ነው። የዛኑ ቀን ጤና ጣቢያ ይታይ አልኳት፣ ታየ፣ ደግነቱ ሁለት ቀን ብቻ ስለነበር በትክክለኛው ልክ ሲቀጥል ተስተካከለ።

የተገላቢጦሹም አለ፣ እኔ እሱን ነው ይበልጥ የምፈራው። የገልፉን ትንሽ ማንኪያ የአሜሪካ ጣሳ ውስጥ አስገብቶ ለ60 አንድ የሚያደርግ ሰው ግማሽ ወተት ነው የሚያጠጣው። ጣሳው ውድ ስለሆነ "ትንሽ ትበርክትልኝ" ብሎ ሆን ብሎ የሚያቀጥንም አለ፣ አልፈርድም፣ ዋጋውን እኔው ነኝ የምነግራቸው። ግን ልጁ ጠጥቶ ሆዱ ስለሞላ ዝም ይላል፣ ክብደቱ ግን አይጨምርም፣ ውሃው ሲበዛ ደግሞ በደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም ይወርዳል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ይባስ ካለ ያንቀጠቅጠዋል። የሚያንቀላፋ፣ ለመጥባት የማይነቃ፣ ወይ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ካለ ፎቶ መላክ የለም፣ ቀጥታ ሆስፒታል ነው።

ስለዚህ የጀርባውን ሰንጠረዥ እንዲህ ነው የማነበው። መጀመሪያ ከላይ ወይ ከስር በትንሹ የተጻፈውን የአንዱን ማንኪያ ልክ፣ አንድ ማንኪያ ለስንት ሚሊ ውሃ። ከዛ ነው ወደ ሰንጠረዡ መግባት፣ እድሜ፣ የውሃ መጠን፣ የማንኪያ ብዛት፣ በቀን ስንት ጊዜ የሚሉ አምዶች አሉ፣ የማንኪያው ብዛት ለአንድ ጡጦ ነው እንጂ ለቀኑ አይደለም። በቀን ስንት ጊዜ የሚለው ግምት ነው፣ ጡት ደባልቆ የሚጠባ ልጅ ያን ያህል ላይፈልግ ይችላል፣ ማንኪያና ውሃው ግን ግምት አይደለም። ማንኪያው ከዛው ጣሳ የወጣው ይሁን፣ ጣሳው ሲያልቅ ማንኪያውን አብራችሁ ጣሉት፣ ለስኳር ይሆናል ብላችሁ ካስቀመጣችሁት አንድ ቀን ተመልሶ ይመጣል።

ውሃ ይቀድማል፣ ዱቄቱ ይከተላል። ዱቄቱን አስቀድማችሁ ጡጦው ላይ እስከ 120 ውሃ ከሞላችሁ ዱቄቱ ራሱ ቦታ ስለያዘ ውሃው ያንሳል፣ ወፈር ይላል። ማንኪያው ሳይጠቀጠቅ ሞልቶ ጣሳው ጠርዝ ላይ ባለው መጥረጊያ ወይ በንጹህ ቢላ ጀርባ ተስተካክሎ ነው የሚለካው፣ ቁልል አይደለም።

የውሃው ሙቀት ላይ ጣሳዎች አይስማሙም። የዓለም ጤና ድርጅት 2007 ላይ ያወጣው መመሪያ የፈላ ውሃ ከ70 ዲግሪ በታች ሳይወርድ ዱቄቱ ይግባበት ይላል፣ ምክንያቱም ዱቄቱ ከጀርም የጸዳ አይደለም፣ ክሮኖባክተር እና ሳልሞኔላ የሚባሉት ጣሳው ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ፣ የሚገድላቸው ሙቀቱ ነው። ውሃው ፈልቶ ከሰላሳ ደቂቃ በላይ ካልቆየ እዛ ሙቀት ላይ ነው። አዲስ አበባ ከፍታው ስለሆነ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ግን ከ70 በላይ ስለሆነ ይበቃል። የሚያሳስበኝ ፔርሙዙ ነው። ጠዋት አፍልቶ ፔርሙዝ ውስጥ አድርጎ እስከ ማታ በሱ የሚበጠብጥ ቤት ብዙ ነው፣ ማታ ላይ ያ ውሃ ሙቅ ይመስላል እንጂ ለጀርሙ ሙቀት አይደለም። አንዳንድ ጣሳ ደግሞ 40 ዲግሪ ይላል፣ በተለይ ጠቃሚ ባክቴሪያ የተጨመረበት፣ ሙቀቱ እነሱንም ስለሚገድላቸው። ልጁ ያለጊዜው የተወለደ ወይ ከሁለት ወር በታች ከሆነ ወይ በሽታ የመቋቋም አቅሙ ከደከመ የዚህን ጉዳይ ከሀኪሙ ጋር ተነጋገሩበት፣ እኔ ወደ 70ው አደላለሁ። በሙቅ ውሃ ከተበጠበጠ በኋላ ጡጦውን ቀዝቃዛ ውሃ ስር አዙራችሁ አብርዱት፣ ክንዳችሁ ውስጠኛው ላይ ጠብ አድርጋችሁ ለብ ካለ ነው የሚሰጠው።

የተበጠበጠው ከሁለት ሰአት በላይ ውጭ አይቆይም፣ ልጁ ከንፈሩን ካስገባበት ደግሞ በአንድ ሰአት ውስጥ የተረፈው ይደፋል፣ ምራቁ ገብቶበታል። አዎ ያንገበግባል፣ ለዛ ነው ትንሽ ትንሽ መበጥበጥ የሚሻለው፣ 60 ጠጥቶ ካልጠገበ ሌላ 60።

ፎቶ የማይነግረኝ ነገርም አለ። ጣሳው ኤርፖርት ስንት ሰአት ጸሀይ ላይ እንደቆመ፣ የውስጡ ፎይል ሲከፈት ድምጽ አሰምቶ አየር እንደሳበ፣ ሽታው እንዴት እንደሆነ። ጠርዙ ላይ ዝገት፣ ስፌቱ ላይ ትልቅ ስርጉድ፣ ወይ ያበጠ ክዳን ካያችሁ የፎቶ መልስ አትጠብቁ፣ መልሱት።

ታህሳስ 3 ላይ ደግሞ አንድ ፎቶ ላከችልኝ፣ ሳልጠይቃት። የአሜሪካው ጣሳ ክዳን ላይ በማርከር "ህዳር 24 ተከፈተ፣ እስከ ታህሳስ 24" ብላ ጽፋለች፣ ከስሩ ደግሞ በትልቁ "ለ120 ሁለት!!" የገልፉ ማንኪያስ የት ሄደ ብዬ ጠየቅኳት። ባሏ ለስኳር አስቀምጦት ኖሯል፣ ሄዳ ጥላዋለች።